ለሮክ ድምፅ የመጀመሪያ ጊታርና ትንሽ አምፕ እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው፤ ጊታር ነክቼ አላውቅም። የሌድ ዜፔሊን፣ የኤሲዲሲና የዲፕ ፐርፕል ዓይነት የድሮ ሮክ ድምፅ ማውጣት እፈልጋለሁ። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ለሁሉም ነገር 450 ዶላር አለኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ምን ላስመጣ?»

መልስ፦

ጊታሩን ወንድምዎ ያምጣልዎት፤ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን አምፕ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ይግዙ። ጊታሩ ክሮቹ በአካሉ ላይ በሚያርፉበት በብሪጁ በኩል፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይሩት ፒክአፖች ሃምባከር የሚባለው ያለው፣ አንገቱም በብሎን የታሰረ ይሁን። አምፑ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ዋት ጉልበት ያለው፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከርና በ220 ቮልት የሚሠራ ይሁን። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳዎት፤ ጊታር ለማስጠገንና ለማስተካከል ወደ እኔ ከሚመጡ ጀማሪዎች መካከል ብዙዎቹ የሚቆጩት በጊታሩ ሳይሆን አምፑን ንቀው በተረፈው ገንዘብ በመግዛታቸው ወይም ከውጭ ሳያጣሩ በማስመጣታቸው ነውና።

የሚፈልጉት ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ምርጫውን ያቀልልዎታል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የነበሩት አምፖች ቫልቭ በሚባል አምፖል መሰል የመስታወት ቱቦ ይሠሩ ነበር። ቫልቭ ያለው አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጮኽ ድምፁን በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም፤ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ቀስ በቀስ እየደፈጠጠ ሻካራና ወፍራም ያደርገዋል። ጂም ማርሻል ለንደን በነበረው ሱቁ በ1962 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን አምፕ ሲያሠራ መነሻ ያደረገው የፌንደርን ባስማን አምፕ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የብሪታንያ ሮክ አብዛኛው ጩኸት የዚህ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው የድምፁ ምንጭ ፒክአፑ ነው። አንድ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ብቻ ያለው ፒክአፕ ሲንግል ኮይል ይባላል፤ ድምፁ ጥርት ያለና ቀጠን ያለ ሲሆን፣ በአካባቢው ካለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን እምምታም አብሮ ይሰበስባል። የጊብሰን መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ የአንዱን ማግኔትና የሽቦውን አቅጣጫ ከሌላው ጋር ተቃራኒ ሲያደርገው፣ ከመስመር የሚመጣው እምምታ እርስ በርሱ ተጣፋ፤ የክሩ ድምፅ ግን ተደመረ። ይህ ነው ሃምባከር የሚባለው። ድምፁ ስለሚወፍርና ጉልበቱ ስለሚበረታ፣ አምፑን ወደዚያ ሻካራ ድምፅ በቀላሉ ይገፋዋል።

እርስዎ የጠቀሷቸውን ሦስት ባንዶች በዚህ ዓይን እንያቸው። የኤሲዲሲው አንገስ ያንግ የሚታወቀው በጊብሰን ኤስጂ ነው። የሌድ ዜፔሊኑ ጂሚ ፔጅ በመጀመሪያው አልበም በአብዛኛው ፌንደር ቴሌካስተር ቢጠቀምም፣ ስሙ የገነነው በሌስ ፖል ነው። ኤስጂም ሌስ ፖልም ባለ ሁለት ሃምባከር ናቸው። የዲፕ ፐርፕሉ ሪቺ ብላክሞር ግን በታወቀበት ዘመን የተጫወተው በስትራቶካስተር፣ ማለትም በሲንግል ኮይል ነው። ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው በብሪጁ በኩል አንድ ሃምባከር፣ በመካከልና በአንገቱ በኩል ደግሞ ሁለት ሲንግል ኮይል ያለውን ጊታር ነው። ሱቆች በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ «ኤች ኤስ ኤስ» ይሉታል። የያማሃ ፓሲፊካ 112 ለዚህ ዓይነት ጊታር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የስኳየር ስትራቶካስተርም በዚህ አሠራር የሚሠሩ ሞዴሎች አሉት። ፌንደር ርካሽ ጊታሮቹን የሚሸጠው በስኳየር ስም፣ ጊብሰን ደግሞ በኤፒፎን ስም ስለሆነ እነዚህን ስሞች ሲያዩ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ እንዳይመስልዎት።

«ልቤ ያለው ሌስ ፖል ላይ ነው» ቢሉኝ ምርጫውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን የእርስዎ ጊታር በሻንጣ ውቅያኖስ ማቋረጥ አለበት። የሌስ ፖልና የኤስጂ ራስ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው፤ ሻንጣው ቢወድቅ አንገቱ የሚሰበረው ራሱ ከአንገቱ በሚገናኝበት ቀጭን ቦታ ላይ ነው። ይህን ስብራት በሙጫ ደጋግሜ ጠግኛለሁ፤ ይጠገናል፣ ግን የአንድ ጀማሪን በጀት ይጎዳል። በብሎን የታሰረ አንገት ያለው ጊታር ግን ይፈታል። ወንድምዎ ክሮቹን ሙሉ በሙሉ አላልቶ፣ ከጀርባ ያሉትን አራት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ፣ አንገቱንና አካሉን ለየብቻ በልብስ ጠቅልሎ ተራ ሻንጣ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። አንገቱ ከነራሱ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም ትልቁ ሻንጣ ያስፈልጋል። ብሎኖቹንና የብረት ሳህኑን በትንሽ ፌስታል አድርጎ ከአንገቱ ጋር ይሰር። እዚህ መልሰው ሲያስሩት እያንዳንዱን ብሎን መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ በድሮው ጥርስ ውስጥ ጠብ ሲል ይሰማዎታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ ያጥብቁት። ይህን ሳያደርጉ በጉልበት ቢያጠብቁት እንጨቱ ውስጥ አዲስ ጥርስ ያወጣና አንገቱ ለዘለቄታው ይላላል።

ወንድምዎ ሙዚቀኛ ባይሆንም ሱቅ ውስጥ ሊመረምራቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። በተለይ ያገለገለ ጊታር ከሆነ ይህን መዝለል የለበትም። ፍሬት የሚባሉት በአንገቱ ላይ አግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ ወፍራሙን ክር በአንድ እጁ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጁ አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት አካባቢ ባለው ፍሬት ላይ ይጫነው፤ በመካከል በሰባተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል አንድ የቢዝነስ ካርድ የሚያህል ጠባብ ክፍተት ቢታይ ደኅና ነው። ክፍተቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ወይም ክሩ ከብረቱ ጋር ከተጣበቀ አንገቱ ጎብጧል ማለት ነው፤ ይህ በአንገቱ ውስጥ ባለው የብረት ዘንግ ሊስተካከል ስለሚችል፣ ዘንጉ በቁልፍ ሲዞር እንደሚታዘዝ ሻጩ ፊት ለፊቱ ያሳየው። በመቀጠል እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ይምታ፤ ድምፁ ድፍን ብሎ የሚሞት ቦታ ካለ ጊታሩን ይተወው። በመጨረሻም አምፕ ላይ ሰክቶ ፒክአፕ መምረጫውን በአምስቱም ቦታ ያንቀሳቅሰው፣ ቮሊዩሙንም ያዙረው። ቮሊዩም ሲዞር ትንሽ መንኳኳት ብቻ ካለ አቧራ ነው፤ የሚጠፋ ድምፅ ካለ ግን የተቋረጠ ነገር አለ።

አሁን ወደ አምፑ ልምጣ። እዚህ ላይ ከሌላው ሁሉ በላይ አደራ የምለው ቮልቱን ነው። አሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛው አምፕ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። አንድ ደንበኛዬ አክስቱ ያመጡለትን አዲስ አምፕ ሶኬቱን በአዳፕተር ብቻ ቀይሮ ሲሰካው ፊውዙ ከመቃጠሉ በፊት ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሸተተ፤ ለመጠገን የተጠየቀው ዋጋ አምፑ ከተገዛበት ብዙም አያንስም ነበር። የሶኬቱን ቅርጽ የሚቀይር አዳፕተር ቮልቱን አይቀይርም። ከአምፑ ጀርባ ባለው ጽሑፍ ላይ «120 ቮልት» ብቻ ካለ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከባድ ነው፣ ዋጋም ይጨምራል። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ ግን፣ ይህም በላፕቶፕ ቻርጀር ዓይነት በሚሠሩት ትንንሾቹ ላይ የሚገኝ ነው፣ ያለ ሥጋት ይሰካል። ትልቁን አምፕ እዚሁ ይግዙ የምልዎት ለዚህ ነው፤ ክብደቱም የወንድምዎን ሻንጣ አይበላም።

ሰዎች አምፕ ሲገዙ የሚጠይቁት ዋቱን ነው፤ እኔ የምጠይቀው ግን ስፒከሩን ነው። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ለጆሮ ጥቂት ልዩነት ነው። ድምፁ እጥፍ ያህል እንዲሰማ ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ዋት እንኳ የጎረቤትን ግድግዳ ያንኳኳል፤ ስለዚህ በ10 እና በ20 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ለእርስዎ ጉዳይ አይደለም። ስፒከሩ ግን ጉዳይ ነው። የጊታሩ ወፍራም ክር ሲመታ በሴኮንድ 82 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ባለ 3 ኢንች ስፒከር ይህን ድምፅ በአግባቡ ሊያወጣው አይችልም። በላይኛው በኩልም ሌላ ነገር አለ፤ ትልልቆቹ የጊታር ስፒከሮች ከ5000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ያዳክሙታል። በሻካራው ድምፅ ውስጥ እንደ ንብ የሚያፏጨው ክፍል ያለው እዚያ ስለሆነ፣ ስፒከሩ ማንም ሳያዘው ያጠራልዎታል። ባለ 8 ኢንች ስፒከር እንደ 12 ኢንቹ ባይሆንም፣ ለመኝታ ክፍል ከሁለቱም ወገን የሚበቃ ማካካሻ ነው።

በዚህ ደረጃ ካሉት ፌንደር ቻምፒዮን 20 እና ኦሬንጅ ክራሽ 20 ሁለቱም ባለ 8 ኢንች ስፒከርና 20 ዋት ናቸው፤ ሁለቱም ንጹሕ ድምፅና ሻካራ ድምፅ ያወጣሉ፤ ኦሬንጁ ለዚህ ሁለት የተለያየ ቻናል ሲኖረው፣ ፌንደሩ ግን በድምፅ መምረጫ ይቀያየራል፤ ጆሮ ማዳመጫም ይሰካባቸዋል። ለድሮ ሮክ ብቻ ከሆነ እኔ ወደ ኦሬንጁ አደላለሁ፤ ሻካራ ቻናሉ ወደ ብሪታንያው ድምፅ ይቀርባልና። ኢፌክት በውስጡ የተካተተ ከፈለጉ ፌንደሩ ይሻላል። ከሁለቱ አንዱን በ220 ቮልት ካላገኙ በስሙ አይጨነቁ፤ የስፒከሩን ስፋት፣ ንጹሕና ሻካራ ድምፅ ማውጣቱንና ከጀርባው ያለውን ቮልት ብቻ ይመልከቱ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ በባትሪ የሚሠራ እንደ ቦስ ካታና ሚኒ ያለ ትንሽ አምፕ መፍትሔ ይሆናል፤ ድምፁ ግን ከ8 ኢንቹ እንደሚቀጥን ከወዲሁ ይወቁ። ቫልቭ ያለው ትንሽ አምፕ ለምን አልመከርክም ቢሉኝ፣ 5 ዋት ቫልቭ ያንን ድምፅ እንዲያወጣ መጮኽ ስላለበት ነው፤ እስኪጮኽ ድረስ ከከፈቱት ደግሞ ጎረቤትዎ በርዎን ያንኳኳል።

ከ450 ዶላሩ 250 ገደማውን ለጊታሩ፣ 130 ገደማውን ለአምፑ ይመድቡ፤ ቀሪው ለኬብል፣ ክሮቹን ለመቃኘት ለሚያገለግለው ቱነር፣ ለአንድ ተጨማሪ ክርና ለማስተካከያ ሥራ ይሁን። አዲስ አምፕ በዚህ ካልተገኘ ያገለገለ ይፈልጉ፤ ከጊታሩ በጀት ቆርሶ ወደ አምፑ ማዞር እንጂ ከአምፑ ቆርሶ ወደ ጊታሩ መጨመርን አልመክርም። ጊታርና አምፕ በአንድ ካርቶን የሚሸጥበትን ጥቅልም የማልወደው ለዚሁ ነው፤ በዋጋ ረገድ የሚቆረጠው ሁልጊዜ አምፑ ነው። ክሩን በተመለከተ ከ9 እስከ 42 የሚባለውን ቀጭን ክር ያስመጡ፤ ለጀማሪ ጣት ይቀላል፣ ክር እየሳቡ ድምፅ ለማጉበጥም ያመቻል።

ዕቃው ከደረሰ በኋላ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አምፑን ሲከፍት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ጊታሩ «ድምፅ አይለይም» ብሎ አመጣልኝ፤ ጊታሩ ምንም አልነበረበትም። አምፑ ላይ ድምፁን የሚያሻክረውን ጌይኑን 10፣ ቤዙን 10፣ መካከለኛውን ድምፅ ደግሞ 0 አድርጎት ነበር። ብቻዎን ሲጫወቱ ይህ አቀማመጥ ግዙፍ ይመስላል፤ በአንድነት የሚመቱት የአንድ ኮርድ ስድስት ክሮች ግን ተቀላቅለው ጭቃ ይሆናሉ። የድሮው ሮክ ከምናስበው በታች ጌይን ነው የሚጠቀመው፤ የሚያወፍረው መካከለኛው ድምፅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ይጀምሩ፤ በጊታሩ ላይ ሃምባከሩን ይምረጡ፣ የጊታሩን ቮሊዩም ሙሉ ያድርጉ፣ በአምፑ ሻካራ ቻናል ላይ ጌይን 4፣ ቤዝ 4፣ መካከለኛ 7፣ ትሬብል 5 ያድርጉና ቮሊዩሙን ለክፍሉ እስኪበቃ ብቻ ይክፈቱ። ከዚያ የኢ ሜጀር ኮርድን ይያዙና ስድስቱንም ክሮች በዝግታ አንድ በአንድ ይምቱ። እያንዳንዱ ክር ለብቻው የሚለይ ከሆነ ጌይኑ ትክክል ነው፤ የመጨረሻዎቹ ክሮች ሲጨመሩ ሁሉም ካበጠና ካልተለየ ጌይኑን ግማሽ ነጥብ ይቀንሱ። ለኤሲዲሲ የሚያስፈልግዎት ይህን ያህል ነው፤ ጥቂት ጨምረው ጌይኑን 6 ቢያደርሱት ወደ ዜፔሊን ይጠጋል። ለዲፕ ፐርፕል ፒክአፕ መምረጫውን ወደ አንገቱ በኩል ወዳለው ሲንግል ኮይል ይውሰዱት፤ ድምፁ ክብ ይሆናል። አምፑን ሳይነኩ የጊታሩን ቮሊዩም ወደ 6 ሲያወርዱት ሻካራው ድምፅ ይቀንሳል፤ በቫልቭ አምፕ ላይ ያህል ባይጠራም፣ ይህን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ይያዙት።

አንገቱ ተፈትቶ የመጣ ጊታር ሳይስተካከል አይጫወቱበት። ክሮቹን ካጠበቁና በቱነር ካስተካከሉ በኋላ በ12ኛው ፍሬት ላይ ከብረቱ እስከ ክሩ ያለውን ከፍታ በማስመሪያ ይለኩ፤ ለወፍራሙ ክር 2 ሚሊ ሜትር፣ ለቀጭኑ 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነካ አድርገው የሚያወጡትን ሃርሞኒክና ተጭነው የሚያወጡትን ድምፅ በቱነር ያነጻጽሩ። ተጭነው የወጣው ከፍ ብሎ ከታየ የዚያን ክር መቀመጫ ከአንገቱ ወደ ኋላ ያርቁት፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ያቅርቡት። ስትራት ዓይነት ጊታር ብሪጁ የሚንቀጠቀጥ ዘንግ ስላለው በጀማሪ እጅ ክሮቹን ከቅኝት ያወጣቸዋል፤ ዘንጉን አውልቀው ከጀርባ ያሉትን ስፕሪንጎች የያዙትን ሁለት ብሎኖች ብሪጁ ከአካሉ ጋር ገጥሞ እስኪተኛ ካጠበቁት ይህ ጣጣ ይቀርልዎታል። ብሪጁ ሲወርድ የክሩ ከፍታም ስለሚቀየር ይህን ከመለካትዎ በፊት ያድርጉት።

የመጨረሻው ጉዳይ እምምታ ነው፤ ብዙ ሰው ጊታሩ ተበላሽቷል ብሎ የሚያመጣው በዚህ ነው። በሲንግል ኮይል ላይ ሲሆኑ እምምታ ቢሰማዎትና ቆመው ፊትዎን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ ቢቀንስና ቢጨምር፣ ጤነኛ ነው፤ ፒክአፑ ከግድግዳው ሽቦ ወይም ከቻርጀር የሚመጣውን ይሰበስባል። ክሮቹን በእጅዎ ሲነኩ የሚቀንስ ከሆነም የተለመደ ነው። ሲነኩ የሚብስ ከሆነ ግን ከብሪጁ ጋር የተገናኘው የግራውንድ ሽቦ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል ያስፈትሹት። ክሩን ሲነኩ ንዝረት ከተሰማዎት ደግሞ ወዲያው አምፑን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ችግሩ ከጊታሩ ሳይሆን ከቤቱ መስመር ወይም ከአምፑ ነው። ባለ ሦስት እግር ሶኬት ሦስተኛውን እግር በሚያስቀር አዳፕተር በፍጹም አይሰኩ፤ መጀመሪያ የቤትዎ መሰኪያ ግራውንድ እንዳለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይለካልዎት።